ቅዱሳንና መላእክት በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ሲከበሩ በሌሎች ለምን ተቀባይነት አጡ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በማስተምርባቸው ዓመታት ከኦርቶዶክስም፣ ከካቶሊክም፣ ከፕሮቴስታንትም ወገን የሆኑ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር። የቅዱሳን ነገር በተነሣ ቁጥር ክፍሉ ይሞቃል። አንዱ «ጣዖት ታመልካላችሁ» ይላል፣ ሌላው «እናንተ ቅዱሳንን ትጠላላችሁ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ስለ ወንድማቸው የተናገሩት እውነት አልነበረም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚያ ክፍል ደጋግመው የተጠየቁኝ ናቸው።

ልዩነቱ በትክክል የቱ ላይ ነው?

«ማክበር» በሚለው ቃል ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። ቅዱሳንን ማሰብና ሕይወታቸውን መከተል አንዱ ነው። በፊታቸው ወይም በሥዕላቸው ፊት መስገድ ሁለተኛው ነው። «ጸልዩልን» ብሎ መለመን ሦስተኛው ነው።

በመጀመሪያው ላይ ጠብ የለም ማለት ይቻላል። ሉተራውያን በ1530 በአውግስቡርግ ያቀረቡት የእምነት መግለጫ 21ኛው አንቀጽ፣ እምነታቸውንና በጎ ሥራቸውን እንድንከተል ቅዱሳንን ማሰብ ተገቢ ነው ይላል። የሉተር የሥራ ባልደረባ ሜላንክቶን ለዚሁ መግለጫ በጻፈው መከላከያ ላይ ለቅዱሳን ሦስት ዓይነት ክብር ይገባቸዋል ብሏል፤ ስለ እነርሱ እግዚአብሔርን ማመስገን፣ በእነርሱ ታሪክ እምነታችንን ማጽናት፣ ከዚያም እነርሱን መምሰል። እስከ ዛሬ ድረስ አንግሊካንና ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት በመስከረም ወር በአውሮፓውያን አቆጣጠር 29ኛው ቀን የቅዱስ ሚካኤልንና የመላእክትን ሁሉ በዓል ያከብራሉ። እንግዲህ «ፕሮቴስታንት ቅዱሳንን አይቀበልም» የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም።

መንገዱ የሚለያየው ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ነው፤ ይልቁንም ሦስተኛው ላይ። ኦርቶዶክስና ካቶሊክ፣ የምሥራቅ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትም ጭምር፣ በዐፀደ ነፍስ ያሉ ቅዱሳንን ጸልዩልን ማለት ይገባል ይላሉ። ሉተራውያን፣ የተሐድሶው መምህር የካልቪን ተከታዮች፣ ባፕቲስቶችና ጴንጤቆስጤዎች አይገባም ይላሉ።

ማክበሩ መቼ ተጀመረ? በኋላ ዘመን የገባ አይደለም ወይ?

ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ጥንታዊ ምስክር የሰምርኔሱ ጳጳስ የፖሊካርፐስ ሰማዕትነት ነው። ዘመኑ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት 155 አካባቢ ነው። ሽማግሌውን «ክርስቶስን ስደብና ልልቀቅህ» ሲሉት «86 ዓመት አገለገልሁት፤ አንዳች አልበደለኝም፤ ያዳነኝን ንጉሤን እንዴት እሰድባለሁ?» ብሎ መለሰ። ከዚያም በእሳት ተገደለ።

የሰምርኔስ ክርስቲያኖች ይህንን ሁሉ ለጎረቤት ቤተ ክርስቲያን በደብዳቤ ጽፈዋል። በደብዳቤው መጨረሻ ላይ ሥጋውን እንዴት እንደሰበሰቡ ይተርካሉ። አፅሙን ከዕንቁ የከበረ፣ ከወርቅ የነጠረ ብለው ጠርተው በተገባው ቦታ አኖሩት። በየዓመቱም እዚያው ተሰብስበው የሰማዕትነቱን «የልደት ቀን» በደስታ ሊያከብሩ ማሰባቸውን ይናገራሉ። ሰማዕቱ የሞተበትን ቀን የልደት ቀን ብሎ መጥራት ከዚህ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል ማለት ነው።

ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ተቃዋሚዎቻቸው «ሥጋውን አትስጧቸው፤ የተሰቀለውን ትተው ይህን ማምለክ ይጀምራሉ» ብለው ለገዥው አመለከቱ። የዛሬው ክስ ያኔውኑ ተነሥቷል። ክርስቲያኖቹ የሰጡት መልስም ተጽፏል፤ ክርስቶስን የእግዚአብሔር ልጅ ስለሆነ እናመልከዋለን፣ ሰማዕታትን ግን የጌታ ደቀ መዛሙርትና የእርሱ ተከታዮች ስለሆኑ እንወዳቸዋለን አሉ። ማምለክና መውደድ ብለው ለዩ።

ፕሮቴስታንቶች ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ «ልክ ነው፤ ነገር ግን ፖሊካርፐስን ጸልይልን ሲሉት አናይም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ እንዲህ ያለ ልመና የለም። ልመናው በጽሑፍ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ቆየት ብሎ ነው። በሮም፣ በአፒያ መንገድ ዳር፣ ዛሬ የቅዱስ ሰባስትያኖስ ቤተ ክርስቲያን ካለበት ሥር ምእመናን ለሰማዕታት መታሰቢያ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ ተገኝቷል። በግድግዳው ልስን ላይ በሹል ነገር የተጫሩ ጽሑፎች በብዛት አሉ። አንዱ «ጳውሎስና ጴጥሮስ ሆይ፣ ስለ ቪክቶር ለምኑ» ይላል። ጽሑፎቹ የተጫሩት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። የጻፈው ሊቅ አይደለም፤ ስለ ራሱ ወይም ስለ ወዳጁ የተጨነቀ ተራ ምእመን ነው።

መስገድ ለእግዚአብሔር ብቻ አይደለም ወይ?

በአማርኛም፣ በግሪክኛም፣ በዕብራይስጥም መስገድ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አብርሃም ለኬጢ ሰዎች ሰገደ (ዘፍ 23፥7)። ሎጥ ወደ ሰዶም ለመጡት ለሁለቱ መላእክት ፊቱን ወደ ምድር ደፍቶ ሰገደ (ዘፍ 19፥1)። ቤርሳቤህ ለንጉሥ ዳዊት ሰገደች (1ኛ ነገ 1፥16)። አንዳቸውም አልተወቀሱም። ለእግዚአብሔር የሚቀርበውም በዚያው ቃል ስግደት ይባላል። ስለዚህ ወገብን ማጠፉ ብቻውን የልብን ሐሳብ አይነግረንም።

ኦርቶዶክሳውያን መምህራን ለዚህ ነው የአምልኮ ስግደትና የጸጋ (ወይም የአክብሮት) ስግደት ብለው የሚለዩት። በ787 በኒቅያ የተደረገው ጉባኤ ስለ ቅዱሳት ሥዕላት ሲወስን በዚሁ መንገድ ሄዷል። ለሥዕላት የሚገባው የአክብሮት ስግደት፣ በግሪክኛ ፕሮስኪኔሲስ የሚሉት፣ ነው፤ ላትሬያ የሚባለው እውነተኛ አምልኮ ግን ለመለኮት ብቻ ነው አለ። ለሥዕሉ የተሰጠው ክብር ወደ ባለቤቱ ያልፋል የሚለውንም ከቅዱስ ባስልዮስ ወሰደ።

ጌታ ለሰይጣን የመለሰውን ቃልም ይጠቅሳሉ። «ለጌታ ለአምላክህ ስገድ እርሱንም ብቻ አምልክ» (ማቴ 4፥10)። «ብቻ» የሚለው ቃል የተያያዘው ከ«አምልክ» ጋር እንጂ ከ«ስገድ» ጋር አይደለም፤ በግሪክኛውም እንዲሁ ነው። ፕሮቴስታንቶች ደግሞ «ሰይጣን የጠየቀው ወድቀህ ስገድልኝ ብሎ ነው፤ ጌታ እምቢ ያለው ስግደቱን ራሱን ነው» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም ንባብ ከቃሉ የተነሣ ነው፤ ማናቸውንም አላዋቂ ማለት አይቻልም።

የቃል ልዩነት ብቻ ይህን ያህል ጠብ ያመጣል?

አምጥቷል። የኒቅያው ጉባኤ ውሳኔ ወደ ምዕራብ እንዴት እንደደረሰ ማየት ይበቃል።

ጉባኤው ሲያልቅ የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ሐድርያኖስ ቀዳማዊ ቃለ ጉባኤውን ከግሪክኛ ወደ ላቲን አስተረጎመ። ትርጉሙ መጥፎ ነበር። ተርጓሚው በግሪክኛ ተለይተው የተቀመጡትን የአክብሮት ስግደትና አምልኮ በላቲን አዶራሲዮ በሚል በአንድ ቃል አጠቃለላቸው። የባሰው ደግሞ የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስ ቆስጠንጢኖስ በጉባኤው ላይ የሰጠው ቃል ነው። እርሱ ያለው «ሥዕላትን በክብር እቀበላለሁ፣ አምልኮን ግን ለቅድስት ሥላሴ ብቻ አቀርባለሁ» ነበር። በላቲኑ ግን ለሥላሴ የሚያቀርበውን አምልኮ ለሥዕላትም እንደሚያቀርብ ሆኖ ወጣ። ፍጹም ተቃራኒው ማለት ነው።

ይህ ትርጉም በፍራንኮች ንጉሥ በሻርለማኝ ቤት ላሉ ሊቃውንት ደረሰ። ደነገጡ፤ እንዲህ ያለውን ነገር አንብበው ቢቆጡ ማን ይወቅሳቸዋል? ረዥም መልስ ተጻፈ፤ በ794 በፍራንክፈርት የተሰበሰበው ጉባኤም «ለሥዕላት እንደ ሥላሴ አምልኮ የማያቀርብ የተወገዘ ይሁን» የሚለውን አባባል አወገዘ። እንዲህ ያለ ነገር ኒቅያ ላይ አልተባለም። ፍራንክፈርት ያወገዘው ያልተባለን ነገር ነበር። በ873 አናስታስዮስ የተባለው የሮም የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ቃለ ጉባኤውን እንደገና ተረጎመ፤ የመጀመሪያው ተርጓሚ ቃል በቃል እየሄደ ትርጉሙን እንዳጠፋው በመቅድሙ ጽፏል።

ይህን ስናገር ጠቡ ሁሉ የተርጓሚ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። የፍራንኮች ሊቃውንት በትክክል ቢተረጎምላቸውም ለሥዕላት ያን ያህል ክብር መስጠትን አይወዱም ነበር፤ ሥዕል ለማስተማሪያና ለጌጥ እንዲኖር እንጂ እንዲሰገድለት አይፈልጉም። ካልቪንም ከብዙ ዘመን በኋላ ይህን የቃላት ልዩነት በሚገባ እያወቀ ነው የተቃወመው። ምእመኑ በተግባር አይለየውም፣ ስሙን በመለወጥ ክብሩን ለፍጡር ማስተላለፍ ነው አለ። ጠቃሚ ትችት ነው። ሊቁ በመጽሐፍ የለየውን ነገር በጨነቀው ጊዜ የሚንበረከክ ሰው ልብ ውስጥ ተለይቶ መኖሩን ማየት የመምህራን ሥራ ነው።

መልአኩ ዮሐንስን «አትስገድልኝ» ብሎ ከልክሎት የለም?

አዎ፣ ሁለት ጊዜ። ራእይ 19፥10 እና 22፥9 ላይ መልአኩ እኔም ከአንተ ጋር ባሪያ ነኝ ብሎ «ለእግዚአብሔር ስገድ» ይለዋል። ጴጥሮስም ቆርኔሌዎስን አንሥቶ «እኔ ራሴ ደግሞ ሰው ነኝ» ብሎታል (ሐዋ 10፥26)። ለፕሮቴስታንት ወገን እነዚህ ጥቅሶች ነገሩን ይዘጉታል፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው እምቢ ያሉትን እኛ እንዴት እንሰጣቸዋለን ይላሉ።

ሌላው ወገን ሁለት መልስ አለው። አንዳንዶች ዮሐንስ ያነጋገረው መልአክ ጌታ ራሱ መስሎት የአምልኮ ስግደት ሊያቀርብ ነበር፣ መልአኩ የከለከለው ያንን ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ መልአኩ ለሐዋርያው ክብር ሲል በትሕትና ከለከለው ይላሉ፤ አንድ ሐዋርያ ተሳስቶ ሁለት ጊዜ ጣዖት አምልኮ ላይ ይወድቃል ማለት ይከብዳልና። እኔ ሁለተኛው መልስ ብቻውን ጽሑፉን የሚያረካ አይመስለኝም። የመጀመሪያው ግን ከምዕራፉ ጋር ይሄዳል፤ በራእይ 22 ላይ የሚናገረው ድምፅ አንዴ የመልአኩ፣ አንዴ የጌታ ሆኖ ይለዋወጣልና።

በዐፀደ ነፍስ ያሉት ይሰሙናል ወይ?

የክርክሩ እምብርት ይህ ነው። በሕይወት ያለ ወንድሜን «ጸልይልኝ» ብለው ማንም አይቃወመኝም፤ ያዕቆብም እርስ በርሳችሁ ጸልዩ ብሏል። የሚቀረው ጥያቄ ሞት ይህን ግንኙነት ይቆርጠዋል ወይስ አይቆርጠውም የሚለው ነው።

ሁለቱ መልሶች በ406 ፊት ለፊት ተጋጥመዋል። ቪጊላንስዮስ የተባለ ካህን በሕይወት ሳለን አንዳችን ለሌላው መጸለይ እንችላለን፣ ከሞትን በኋላ ግን የማንም ጸሎት ስለ ሌላው አይሰማም አለ። ቅዱስ ሄሮኒሞስ ከቤተ ልሔም ሆኖ በብርቱ ቁጣ መለሰለት። ሐዋርያትና ሰማዕታት ገና በሥጋ ሳሉ፣ ስለ ራሳቸው መጨነቅ በሚገባቸው ጊዜ ስለ ሌሎች ከጸለዩ፣ አክሊላቸውን ከተቀበሉ በኋላማ እንዴት አብልጠው አይጸልዩም? ሙሴ ብቻውን 600 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ ምሕረት አስገኘ፤ እስጢፋኖስ ለገዳዮቹ ጸለየ፤ ወደ ክርስቶስ ከሄዱ በኋላ ኃይላቸው ያንሳልን? አለ። ሄሮኒሞስ ተከራካሪውን የሰደበበት ቋንቋ ያሳዝነኛል፤ ክርክሩ ግን እስከ ዛሬ የዚህ ወገን ዋና ክርክር ነው። ጌታም እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ እንጂ የሙታን አይደለም ብሏል (ሉቃ 20፥38)፤ የተገደሉት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው ሲጮኹ ዮሐንስ አይቷል (ራእይ 6፥9)።

ይሁን እንጂ «ይጸልያሉ» እና «እኔን ይሰሙኛል» አንድ አይደሉም። ሜላንክቶን ከላይ በጠቀስሁት መከላከያ መላእክት ስለ እኛ እንደሚጸልዩ (ዘካ 1፥12)፣ ቅዱሳንም በሰማይ ስለ ቤተ ክርስቲያን በጠቅላላው እንደሚጸልዩ ተቀብሏል። ሉተራውያን የቅዱሳንን ጸሎት ክደዋል የሚሉ ሰዎች ይህን አላነበቡም። ያልተቀበለው ልመናውን ነው፤ ለምኗቸው የሚል ትእዛዝ፣ ይሰሟችኋል የሚል ተስፋ፣ እንዲህ ተደረገ የሚል ምሳሌ በመጽሐፍ አላገኘሁም አለ። ካልቪንም ድምፃችንን እስከሚሰሙ ድረስ የረዘመ ጆሮ እንዳላቸው ማን ነገረን ብሎ ጠይቋል።

ሰማዕታትን ያከብር የነበረው ቅዱስ አውግስጢኖስ ራሱ ስለ ሙታን በጻፈው ድርሰት ሰማዕታት የሚለምኗቸውን እንደሚረዱ ይቀበልና እንዴት እንደሆነ ግን ከአእምሮዬ በላይ ነው ይላል። የኦርቶዶክስና የካቶሊክ መምህራን የሚሰጡት መልስ ቅዱሳን በባሕርያቸው ሁሉን አዋቂ ስለሆኑ ሳይሆን እግዚአብሔር ስለሚገልጥላቸው ያውቃሉ የሚል ነው። ይህን የማያስተምር ሰው ቅዱሱን በሁሉ ስፍራ የሚገኝ አድርጎ ያቀርበዋል፤ ያን ጊዜ የካልቪን ጥያቄ መልስ ያጣል።

ሦስተኛ ወገንም አለ። ሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ሙታን እስከ ትንሣኤ ድረስ ምንም ሳያውቁ እንደ እንቅልፍ ተኝተዋል ብለው ያምናሉ፤ መክብብ 9፥5ን ይጠቅሳሉ። ለእነርሱ ልመናው ገና ከጥንቱ የሚሰማ የለውም። ከሉተራውያን ጋር መደምደሚያቸው አንድ ቢሆንም የሄዱበት መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው።

«መካከለኛው አንድ ነው» የሚለው ጥቅስስ?

1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5 በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ፣ እርሱም ክርስቶስ ኢየሱስ እንደሆነ ይናገራል። ይህን የሚክድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን የለም። ጥቅሱን ከመጥቀስ በፊት ግን አራት ቁጥር ወደ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል። ጳውሎስ በቁጥር 1 ላይ «ልመናና ጸሎት ምልጃም» ስለ ሰዎች ሁሉ እንዲደረግ ያዝዛል። ያው ሐዋርያ፣ በአንዲት ምዕራፍ፣ ምልጃን ለምእመናን ሁሉ ሰጥቶ መካከለኛነትን ለክርስቶስ ብቻ አስቀረ። እንግዲህ ምልጃ ሁሉ የክርስቶስን ቦታ ይወስዳል ቢባል ወንድምን ጸልይልኝ ማለትም በቀረ ነበር።

እዚህ ላይ ፕሮቴስታንቱ የሚሰጠው ጠንካራ መልስ «ጳውሎስ የሚናገረው በምድር ላሉ ጉባኤዎች ነው» የሚለው ነው፤ ክርክሩም ተመልሶ ወደ ቀደመው ጥያቄ ይገባል። ስለዚህ ይህ ጥቅስ በራሱ ማንንም አይረታም ብዬ አምናለሁ።

መላእክት ለምን ተለይተው ይነሣሉ? የሞቱ አይደሉም እኮ።

ልክ ነው፤ በእነርሱ ላይ የሞት ጥያቄ የለም። የመላእክት ስጋት ሌላ ነው፤ ከጥንት ጀምሮ የተለየ አምልኮ ወደ እነርሱ እየዞረ ቤተ ክርስቲያንን አስቸግሯል። ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ስለ መላእክት አምልኮ አስጠንቅቋል (ቆላ 2፥18)። ከዚያው አገር ብዙም ሳይርቅ በሎዶቅያ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰበ ጉባኤ በ35ኛው ቀኖናው ክርስቲያኖች የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን ትተው ሄደው መላእክትን እየጠሩ የራሳቸውን ጉባኤ እንዳያደርጉ ከለከለ። የቂሮስ ከተማ ጳጳስ ቴዎዶሬጦስ ቆላስይስን ሲተረጉም ይህ ደዌ በፍርግያና በጲስድያ ለብዙ ጊዜ እንደቆየ፣ በእርሱም ዘመን የቅዱስ ሚካኤል መጸለያ ቤቶች በዚያ እንደሚታዩ ጽፏል።

ፕሮቴስታንቶች ይህን ቀኖና መላእክትን መለመን እንደተከለከለ አድርገው ያነቡታል። ሌሎቹ «ቤተ ክርስቲያንን ትተው» የሚለውን ይይዛሉ፤ የተከለከለው የተለየ የምሥጢር ጉባኤ ነው ይላሉ።

ሌላው ምክንያት የመጻሕፍት ቁጥር ነው። በመጽሐፈ ጦቢት 12 ላይ ቅዱስ ሩፋኤል የጦቢትንና የሣራን ጸሎት በእግዚአብሔር ፊት ያቀረብሁ እኔ ነኝ ይላል። በግሪክኛው ሁለተኛ መቃብያን 15 ላይ ደግሞ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው ነቢዩ ኤርምያስ ስለ ሕዝቡ ሲጸልይ በሕልም ይታያል። (በግእዝ መቃብያን ከሚባሉት መጻሕፍት ጋር ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አንድ አይደለም።) ኦርቶዶክስና ካቶሊክ እነዚህን ከቅዱሳት መጻሕፍት ይቆጥሯቸዋል፤ ፕሮቴስታንቶች ለትምህርት መሠረት አያደርጓቸውም። አንዱ «ተጽፏል» ሲል ሌላው «የት?» የሚለው ሁለቱ የያዙት መጽሐፍ ቅዱስ ውፍረቱ ስለሚለያይ ነው።

ስማቸው የሚጠራው መላእክት ቁጥርም በዚሁ ይወሰናል። በሁሉም ዘንድ ሚካኤልና ገብርኤል አሉ። ጦቢትን የሚቀበሉ ሩፋኤልን ይጨምራሉ፤ መጽሐፈ ሄኖክን የሚቀበሉ ዑራኤልንና ሌሎችንም። በ745 በሮም የተደረገ ጉባኤ አልደበርት የተባለ ሰው ያስፋፋውን የብዙ መላእክት ስም ያለበት ጸሎት አውግዞ በሦስቱ ስም ብቻ ወሰነ። በማያከብሩት ዘንድ ብቻ ሳይሆን በሚያከብሩት መካከልም ድንበር እንደነበረ ይህ ያሳያል።

የተሐድሶው ንቅናቄ ያን ያህል የመረረው ለምንድን ነው?

ያኔ የነበረውን ሁኔታ ሳያዩ መፍረድ አይገባም። ማርቲን ሉተር መነኩሴ የሆነው በቅዱሳን ስም ነው። በ1505 በሽቶተርንሃይም መንደር አጠገብ መብረቅ ሲወድቅበት «ቅድስት ሐና ሆይ እርጂኝ፤ እመነኩሳለሁ» ብሎ ጮኸ። የጠላው የሌላ ሰው ሃይማኖት ሳይሆን የኖረበት ሃይማኖት ነበር።

በሚያስተምርበት በቪተንበርግ ከተማ መስፍኑ የሰበሰበው የቅዱሳን አፅምና ንዋይ በ1520 ከ19 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ምእመናን ይህን ሲሳለሙ የሥርየት ዘመን ይቆጠርላቸዋል። ከበስተኋላው ያለው ትምህርት ቅዱሳን ለራሳቸው ከሚያስፈልጋቸው በላይ በጎ ሥራ ስለሠሩ ትርፉ ከክርስቶስ ዋጋ ጋር በመዝገብ ተቀምጧል፣ ቤተ ክርስቲያንም ታድለዋለች የሚል ነበር። ሉተር የተነሣው በዚህ ላይ ነው። ጽድቅ በእምነት ብቻ ከሆነ የቅዱስ ትርፍ የሚባል ነገር የለም፤ ትርፍ ከሌለ በእርሱ ስም የሚቀርብ ልመናም መሠረቱ ይናዳል። በዙሪክ ደግሞ ዝዊንግሊ ከዚህ አልፎ በ1524 ሥዕላትና ሐውልቶች ከአብያተ ክርስቲያናት እንዲወጡ አደረገ።

አንድ ነገር ልብ ይባል። ይህ የትርፍ መዝገብ ትምህርት የምዕራቡ ነው። የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ምልጃን በዚህ ላይ አልመሠረቱም፤ ስለዚህ የሉተር ክርክር ግማሹ ወደ እነርሱ ሲመጣ የሚመታው ዒላማ ያጣል። ከምዕራቡ የተወረሰውን ክርክር እንዳለ ይዞ በኦርቶዶክሱ ላይ የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከራከረው በቦታው ከሌለ ሰው ጋር ነው።

ክብሩ ወደ አምልኮ መሻገሩ በምን ይታወቃል?

የሚያከብሩት አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው መለኪያ አላቸው። በካቶሊክ የቅዱሳን ሊጣንያ ላይ ሕዝቡ የሚመልሰውን መስማት ነው። የአብ፣ የወልድ፣ የመንፈስ ቅዱስ ስም ሲጠራ «ማረን» ይላል። የማርያም፣ የሚካኤል፣ የጴጥሮስ ስም ሲጠራ መልሱ ይለወጣል፤ «ለምኑልን» ይሆናል። ማንም ቅዱስ «ማረን» አይባልም። አንድ ሰው ቅዱሱን «ኃጢአቴን ይቅር በለኝ» ካለው የራሱን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አልፏል።

ሁለተኛው መለኪያ መሥዋዕት ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለድንግል ማርያም ኅብስት የሚያቀርቡ ሴቶች መኖራቸውን የሰማው የቆጵሮሱ ኤጲፋንዮስ በብርቱ ተቃወመ፤ ማርያም ትከበር፣ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ ግን ይመለኩ፣ ማርያምን ማንም አያምልካት አለ። እመቤታችንን እጅግ የሚወድ ሰው ነው ይህን ያለው። አውግስጢኖስም በሰማዕታት መቃብር ላይ ሳይቀር መሥዋዕቱ የሚቀርበው ለሰማዕታት አምላክ እንጂ ለሰማዕቱ እንዳልሆነ ጽፏል።

ሦስተኛው እኔ በሕይወት ያየሁት ነው። አንድ ሰው እግዚአብሔርን ቁጡ፣ ቅዱሱን ደግሞ ከእርሱ ይልቅ ርኅሩኅ አድርጎ ማሰብ ሲጀምር ነገሩ ተበላሽቷል። ቅዱሱ የራራው እግዚአብሔር አስቀድሞ ስለራራ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ምን ያህል ተራርቀዋል?

ከሚመስለን ያነሰ። የካቶሊክ የትሬንት ጉባኤ በታኅሣሥ 1563፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቅዱሳንን መለመን «መልካምና ጠቃሚ» ነው አለ፤ ያለ እርሱ መዳን የለም አላለም። ሉተራውያን በበኩላቸው ቅዱሳን በሰማይ ስለ ቤተ ክርስቲያን እንደሚጸልዩ ተቀብለዋል። የቀረው ልዩነት የሚጸልየውን ሰው «ጸልይልኝ» ማለት ነው። ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም የሚጠብቁት ከባድ ነገር አለ። አንዱ ሞት የክርስቶስን አካል እንደማይከፍለው ይመሰክራል፤ ሌላው ያልታዘዘ ጸሎት ወደ አምላክ ብቻ በሚገባው ቦታ እንዳይገባ ይፈራል።

እምነታችን ተለያይቶ በአንድ ቤት ብንጸልይ ምን እንበል?

በቤተሰባቸው ውስጥ ይህ የገጠማቸው ብዙዎች ጠይቀውኛል። ማንም ኅሊናው የማይፈቅድለትን ቃል እንዲናገር አይገደድ፤ ሌላው ቅዱሱን ሲጠራ ዝም ብሎ መቆም ነውር አይደለም። ሁሉም በአንድ አፍ ሊለው የሚችል ግን መዝሙር 103 አለ፤ በሰባ ሊቃናት ቁጥር 102 ነው። ማንኛውም ፕሮቴስታንት ሳይሰጋ ያነበዋል። ቁጥር 20 ላይ ሲደርስ ጸሎተኛው ፊቱን ወደ ሰማይ ሠራዊት ይመልስና ያናግራቸዋል፤ «መላእክቱ ሁሉ፥ እግዚአብሔርን ባርኩ»።